አግዳሚ ብረት በሁለት ገመድ፦ ሞመንት በየትኛው አክሲስ ልውሰድ?

ሕሊና_መካኒካል፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የስታቲክስ ጥያቄ ላይ ቆሜያለሁ። ስዕሉን መለጠፍ ስላልቻልኩ በቃል ልግለጸው።

6 ሜትር የሚረዝም አግዳሚ ብረት ከግድግዳ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ወጥቷል። ግድግዳው ላይ ያለው ጫፉ A በቦል ሶኬት ተይዟል፤ ማለትም ወደ የትም እንዳይሄድ ይይዘዋል እንጂ እንዳይዞር አይከለክለውም። ጀርባችሁን ለግድግዳው ሰጥታችሁ ብትቆሙ x ወደ ፊት ብረቱን ይዞ ይሄዳል፣ y ወደ ግራ፣ z ወደ ላይ ነው። ከጫፉ B የተነሳ ገመድ ግድግዳው ላይ C ድረስ፣ ከD የተነሳ ሌላ ገመድ ደግሞ E ድረስ ተወጥሯል። ቁጥሮቹ በሜትር እነዚህ ናቸው፦

```
A(0,0,0)   D(4,0,0)   B(6,0,0)
C(0,3,6)   E(0,-4,2)
BC -> T1   DE -> T2
```

የብረቱ ክብደት 200 ኒውተን ሲሆን መሃሉ ላይ ይወርዳል። ጫፉ B ላይ ደግሞ 400 ኒውተን ተንጠልጥሏል። የሚፈለገው የሁለቱ ገመዶች ውጥረትና የA ሪአክሽን ነው።

ያልታወቁት አምስት ናቸው፣ እኩልዮሾቹ ግን ስድስት። በዚያ ላይ በx ዙሪያ ሞመንት ስወስድ 0 = 0 ብቻ ይመጣልኛል። ጥያቄው የጎደለው ነገር አለ? ወይስ በሌላ አክሲስ መውሰድ ነበረብኝ? መልሱ ከጥያቄው ጋር አልተሰጠንም።

---

ናቲ_ሲቪል፦

ሕሊና፣ የጎደለ ነገር የለውም። x ላይ 0 = 0 ሊመጣ አይችልም፤ ገመዶቹ እኮ ወደ ጎን ሄደው ነው የታሰሩት። C ከx አክሲስ 3 ሜትር ወደ ግራ ነው፣ E ደግሞ 4 ሜትር ወደ ቀኝ። የእያንዳንዱን ገመድ ወደ ላይ የሚስብ ኮምፖነንት በዚያ ርቀት አባዢው።

የBC ርዝመት 9 ሜትር ስለሆነ ወደ ላይ ያለው ድርሻ 6/9 ነው። የDE ርዝመት 6 ሜትር ስለሆነ ወደ ላይ ያለው 2/6 ነው። ከዚያ በy ዙሪያ ያለውን ትጨምሪበታለሽ፦

```
x:  3(2/3)T1 = 4(1/3)T2      ->  T1 = (2/3)T2
y:  6(2/3)T1 + 4(1/3)T2 = 3(200) + 6(400) = 3000
T2 = 750 N,  T1 = 500 N
```

የA ሪአክሽን ከኃይሎች ድምር ይወጣል። ሠርቼ አጣርቼዋለሁ፣ በx፣ በy እና በz የኃይሎቹ ድምር ዜሮ ነው።

---

መምህር_ደ፦

ናቲ፣ የy እኩልዮሽህ ትክክል ነው፣ የገመዶቹን ርዝመትም በደንብ አውጥተሃል። የx እኩልዮሽህ ግን ከገመዱ ኃይል ግማሹን ብቻ ነው የያዘው።

ኃይልን በተግባር መስመሩ ላይ ወደ ፈለግኸው ነጥብ ማንሸራተት ትችላለህ። ስለዚህ T1ን ከB አንስቶ C ላይ ማስቀመጥ ይፈቀዳል። ግን C ላይ ስታስቀምጠው ሦስቱም ኮምፖነንቶች አብረው ነው የሚሄዱት። ወደ ላይ የሚስበው 3 ሜትር ክንድ ያገኛል ብለሃል፣ እውነት ነው። ወደ ጎን የሚስበውስ? C እኮ ከx አክሲስ 6 ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው። ሁለቱን ብትጽፍ እንዲህ ነው፦

```
C ላይ:  3(2/3)T1 - 6(1/3)T1 = 2T1 - 2T1 = 0
```

E ላይም እንደዚሁ ይጠፋፋል። እኛ ባናሰላውም መጥፋቱ አይቀርም ነበር፤ ሁለቱም ገመዶች የታሰሩት ብረቱ ላይ ነው፣ ብረቱ ደግሞ ራሱ x አክሲስ ነው። አክሲሱን የሚነካ ኃይል በዚያ አክሲስ ዙሪያ ምንም አያዞርም። ክብደቶቹም A ላይ ያለው ሪአክሽንም አክሲሱን ይነካሉ። ሕሊና ያገኘችው 0 = 0 ትክክለኛው ውጤት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ስለሚታለል። የኃይሎቹ ድምር ዜሮ ሆነልኝ ማለት ማጣሪያ አይደለም። የAን ሪአክሽን ያገኘኸው ከዚያው ድምር ስለሆነ T1 እና T2 ምንም ቢሆኑ ድምሩ ዜሮ ይወጣልሃል። ማጣራት የሚቻለው ገና ባልተጠቀምክበት አክሲስ ነው። ለምሳሌ በA በኩል በሚያልፈው ቋሚ አክሲስ በz ዙሪያ ያንተን መልሶች አስገባ፦

```
T1 ወደ ግራ:   6(1/3)(500) = 1000
T2 ወደ ቀኝ:   4(2/3)(750) = 2000
```

እነዚህ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ብረቱ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል ማለት ነው፤ በA ያለው ቦል ሶኬት ደግሞ አይከለክለውም።

---

ሕሊና_መካኒካል፦

እናመሰግናለን መምህር። እንግዲህ የሚጠቅሙት አክሲሶች y እና z ብቻ ናቸው። ሠራሁት፦

```
z:  6(1/3)T1 = 4(2/3)T2        ->  T1 = (4/3)T2
y:  4T1 + (4/3)T2 = 3000       ->  T2 = 450 N, T1 = 600 N
Ax = 400 + 300 = 700
Ay = 300 - 200 = 100
Az = 600 - 400 - 150 = 50
```

ቅድም እንዳሉት ባልተጠቀምኩበት አክሲስ አጣራሁ፤ በB በኩል በሚያልፍ ቋሚ አክሲስ። እዚያ T1 የለም፤ Ay ክንዱ 6 ነው፣ የT2 የጎን ኮምፖነንት 300 ደግሞ ክንዱ 2። 6 × 100 እና 2 × 300 እኩል ናቸው፣ የሚያዞሩትም በተቃራኒ አቅጣጫ ነው።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ አንድ የክፍል ጓደኛዬ T2ን በአንድ መስመር ብቻ አወጣሁት ይላል፤ ሁለት እኩልዮሽ አልፈታም። «በAC ዙሪያ ሞመንት ወሰድኩ» አለኝ። AC ግን የx፣ የy ወይም የz አክሲስ አይደለም፣ ዘመም ያለ መስመር ነው። ይፈቀዳል?

---

ቴዲ_መብራት፦

እኔም ተመሳሳይ ችግር ስላለብኝ ነው የገባሁት። እኛ ለመድረክ መብራት የምንሰቅልበት አግዳሚ ቱቦ አለን፣ ከጣሪያው በሦስት ቁመተ ቀጥ ገመዶች ተንጠልጥሏል፤ ሁለቱ ጫፍና ጫፍ፣ አንዱ ትክክል መሃል። ቱቦውና በእኩል ርቀት የተደረደሩት መብራቶች በድምሩ 960 ኒውተን ይመዝናሉ። ለሦስት ሲካፈል 320 መሆን ነበረበት። በየገመዱ መለኪያ ስናስገባ ግን ጫፎቹ 230፣ 230፣ መሃሉ 500 አሳዩ። በየትኛው አክሲስ ሞመንት ብወስድ ነው 500 የሚመጣው? በጫፉ ወሰድኩ፣ በመሃሉም ወሰድኩ፣ ሁሌም የተለኩትን ቁጥሮች ይቀበላል፤ 320ንም ይቀበላል!

---

መምህር_ደ፦

መጀመሪያ ለሕሊና። ይፈቀዳል፣ ጓደኛሽም ብልህ ነው። የሚዛን ሕግ ሞመንት በማንኛውም ቀጥተኛ መስመር ዙሪያ ዜሮ መሆን አለበት ይላል፤ ያ መስመር ከx፣ ከy ወይም ከz ጋር ትይዩ ይሁን አይልም። x፣ y እና z ለጽሑፍ እንዲመቹ እኛ የመረጥናቸው ናቸው።

በር አስቢ። ማጠፊያው ላይ ብትገፊ በሩ ንቅንቅ አይልም፣ ወደ ማጠፊያው አቅጣጫ ብትገፊም እንደዚያው። አንድ ኃይል አክሲሱን ከነካ ወይም ከአክሲሱ ጋር ትይዩ ከሆነ በዚያ አክሲስ ዙሪያ አያዞርም። እንግዲህ ሥራው ማጠፊያውን ማግኘት ነው፦ ከምትፈልጊው በቀር ያልታወቁትን ሁሉ የሚነካ መስመር። T2ን ብቻ ከፈለግሽ የማትፈልጊያቸው የA ሦስት ሪአክሽኖችና T1 ናቸው። ሪአክሽኖቹ በA ያልፋሉ፣ T1 ደግሞ በC። ሁለቱንም የሚነካው መስመር AC ነው። ብረቱ በAC ላይ እንደተንጠለጠለ ሳንቃ ሆኖ ይታይሽ፤ ሳንቃው እንዳይወድቅ የሚይዘው DE ብቻ ነው።

አሁን ስሌቱ። የAC አቅጣጫ (0,3,6) ነው፣ በሦስት ብታካፍይው (0,1,2)። እኩልዮሹ ዜሮ ስለሆነ ርዝመቱን አንድ ማድረግ አያስፈልግም፣ በሁለቱም በኩል ይሰረዛል። ለእያንዳንዱ ኃይል መጀመሪያ በA ዙሪያ በy እና በz ያለውን ሞመንት ጻፊ፣ ከዚያ የy ሞመንቱን በ1፣ የz ሞመንቱን በ2 አባዥተሽ ደምሪ፦

```
ክብደቶቹ:  y = 3000,        z = 0
T2:       y = -(4/3)T2,    z = -(8/3)T2
AC:  1(3000 - (4/3)T2) + 2(-(8/3)T2) = 0
     (20/3)T2 = 3000   ->   T2 = 450 N
```

T1ን ብቻ ከፈለግሽ በAE ዙሪያ ውሰጂ፤ 10T1 = 6000 ይወጣል።

ምልክት ላይ ተጠንቀቂ። የብዙዎች ስህተት የሚመጣው የy ሞመንት ላይ ነው፤ በቀኝ እጅ ደንብ ወደ ታች የሚስብ ክብደት በዚህ ብረት ላይ በy ዙሪያ ፖዘቲቭ ይሰጣል፣ ወደ ላይ የሚስብ ገመድ ኔጋቲቭ። በy ዙሪያ ብቻ ስትሠሪ ምልክቱን ብትገለብጪው ሁሉም አብሮ ስለሚገለበጥ አይጎዳሽም። yን ከz ጋር በአንድ መስመር ስታደባልቂ ግን የT2ን የy ምልክት ብቻ ብትገለብጪ T2 በ20/3 ፈንታ በ4 ተባዥቶ ይመጣና 750 ታገኛለሽ። የናቲ ቁጥር ጋር መገጣጠሙ ሰው እርግጠኛ እንዲሆን ያደርጋል፣ ግን አጋጣሚ ነው።

---

ሩት_ኤም፦

የመምህርን አካሄድ ባከብረውም እኔ ለፈተና አልመክረውም። ሁሉንም በA ዙሪያ በቬክተር ብዜት ብትጽፉት ሦስቱ መስመሮች ራሳቸው ይወርዳሉ፤ የx መስመር 0 = 0 ይሆናል፣ የቀሩት ሁለቱ ይፈታሉ። ምልክት ማሰብ የለም፣ ክንድ መፈለግ የለም። ዘመም ያለ አክሲስ ውበቱ አይካድም፣ ግን ስዕሉ ውስብስብ ሲሆን ሰው የትኛው መስመር የትኛውን ኃይል እንደሚነካ ይጠፋበታል።

ለቴዲ፦ ያንተ ጥያቄ ከሕሊና ጥያቄ ይለያል። ገመዶችህ ሦስቱም ቁመተ ቀጥ ናቸው፣ ሦስቱም አንድ መስመር ላይ ናቸው። ስለዚህ የሚጠቅሙህ እኩልዮሾች ሁለት ብቻ ናቸው፦ የቁመት ኃይሎች ድምርና በአንድ ጫፍ ዙሪያ ያለ ሞመንት። ያልታወቁት ግን ሦስት። ሌላ ጫፍ ዙሪያ ብትወስድ አዲስ ነገር አይነግርህም፣ ያንኑ በሌላ መልክ ነው የሚደግምልህ። ለዚህ ነው 230-500-230ንም 320-320-320ንም የሚቀበልልህ። 480-0-480ንም ይቀበላል። በሞመንት ብቻ አይወሰንም።

የሚወስነው ምን ያህል እንደሚለጠጥና እንደሚጎብጥ ነው። ቱቦው ፈጽሞ የማይጎብጥ፣ ገመዶቹ እኩል የሚለጠጡና እኩል የተወጠሩ ቢሆኑ 320 ይሆን ነበር። ገመዶቹ ፈጽሞ የማይለጠጡ፣ ቱቦው ግን የሚጎብጥ ቢሆን፣ ለተደላደለ ጭነት መሃሉ ከጠቅላላው 10/16 ይወስዳል፣ ጫፎቹ 3/16 እያንዳንዳቸው፤ ያንተ ቁጥር ላይ 600 እና 180 ማለት ነው። 500 በሁለቱ መካከል ነው፣ ስለዚህ መለኪያህን አልጠራጠርም።

---

ቴዲ_መብራት፦

ይሄ ነገር ብዙ አስረዳኝ ሩት። እንግዲህ የመሃሉን ገመድ ማጥበቂያ ግማሽ ዙር ባላላው ወደ 320 ይመጣል?

---

ሩት_ኤም፦

ወደዚያ ይሄዳል፣ ግን ምን ያህል እንደሚሄድ ሳይለኩ መናገር አይቻልም። አጭር የብረት ገመድ በጣም ትንሽ ስለሚለጠጥ ግማሽ ዙር ከመሃሉ ብዙ ጭነት ሊያነሳ ይችላል፤ ከበዛ መሃሉ ላልቶ ጫፎቹ 480 ይሸከማሉ። መለኪያዎቹን ሳታወጣ ቀስ እያልክ አላላ። ደግሞ እያንዳንዱ ገመድ ጫፎቹ ላይ 480፣ መሃሉ ላይ 600 ሊመጣበት እንደሚችል አድርገህ ምረጠው፣ 320 ብለህ አትምረጥ።

---

ናቲ_ሲቪል፦

መምህር፣ የx ነገር ገብቶኛል። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። Eን ብናንቀሳቅሰውስ? ለምሳሌ E ከA በታች (0,-4,-2) ላይ ቢሆን ገመዱ ብረቱን ወደ ታች ነው የሚስበው። ያኔም ሚዛን ይኖራል? ጭራሽ ጭነት የሚጨምር ገመድ ምን ይጠቅማል?

---

መምህር_ደ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ይኖራል። DE ዋና ሥራው ብረቱን ወደ ላይ መያዝ አይደለም፣ BC ወደ ግራ እንዳይስበው መከላከል ነው። ወደ ታች እየሳበም ይህን ይሠራል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። በAC ዙሪያ ውሰድ፦ 4T2 = 3000፣ T2 = 750። በAE ዙሪያ ደግሞ 6T1 = 6000፣ T1 = 1000። (750 እንደገና መጣ፤ አሁን ግን የሌላ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ሆኖ ነው። ምልክት የሳተው ሰው ሳያውቅ የፈታው ይህን ጥያቄ ነበር።)

አሁን Eን ይበልጥ አውርደው፣ (0,-2,-4) ላይ አድርገው። C፣ A እና E አንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ገቡ። በዚያ መስመር ዙሪያ ሞመንት ውሰድ፦ T1 ዜሮ፣ T2 ዜሮ፣ ሪአክሽኖቹ ዜሮ፣ የክብደቶቹ 3000 ግን እንዳለ ነው። የሚመልሰው የለም። ብረቱ በመስመሩ ዙሪያ ተወዛውዞ ይወድቃል፣ የፈለግኸውን ያህል ወፍራም ገመድ ብታስር። ወደዚያ መስመር በተጠጋህ ቁጥር ውጥረቱ ያለ ልክ ያድጋል። ሩት የምትወደው ቬክተር ይህንን የሚነግርህ ስሌቱ መጨረሻ ላይ በዜሮ ስታካፍል ነው፤ በአክሲስ ስታየው ግን ስዕሉን እንዳየህ ይታወቅሃል። እኔ አክሲስን የማልተወው ለዚህ ነው።

እንዲሁም E ከC ጋር በአንድ ወገን፣ በግራ በኩል ቢሆን ከሁለቱ አንዱ ውጥረት ኔጋቲቭ ይወጣል። ገመድ አይገፋም፣ ስለዚህ ኔጋቲቭ ካገኘህ ያ ገመድ ላልቷል፣ የታሰበው ሚዛንም የለም ማለት ነው።

---

ሩት_ኤም፦

በዜሮ ማካፈሉንም ቢሆን ማሽን ሳይቀር ያሳውቃል፣ ግን ነጥብዎ ገብቶኛል መምህር። በፈተና ላይ አሁንም ቬክተር እላለሁ።

---

ሕሊና_መካኒካል፦

አንድ ነገር ብቻ። ሁሉም ኃይሎች ብረቱን መሃል ለመሃል ይነኩታል ስላልን ነው x ላይ 0 = 0 የመጣው። በእውነተኛ ሥራ ላይ ግን 400 ኒውተኑ ከብረቱ ጎን በወጣች 25 ሳንቲሜትር ክንድ ላይ ቢንጠለጠልስ? 100 ኒውተን ሜትር በx ዙሪያ ይመጣል።

---

መምህር_ደ፦

ያኔ ስድስተኛው እኩልዮሽ 0 = 0 መሆኑ ቀርቶ 100 = 0 ይላል። ሚዛን የለም ማለት ነው፤ ብረቱ በራሱ ዙሪያ ይሽከረከርና ክንዷ ቁልቁል እስክትንጠለጠል ይዞራል። እንዳይዞር ከተፈለገ ወይ A ላይ መዞርን የሚከለክል መገጣጠሚያ ይደረጋል፣ ወይ ከብረቱ መሃል መስመር ውጪ የታሰረ ሦስተኛ ገመድ። ያኔ ያልታወቁት ስድስት ይሆናሉ፣ እኩልዮሾቹም ስድስቱም ሥራ ያገኛሉ።

---

ቴዲ_መብራት፦

በእኛ ሥራ ገመድ የሚታሰረው ሁሌም ከቱቦው ላይ በተበየደ ቀለበት ነው፣ መሃል ለመሃል የታሰረ አይቼ አላውቅም። ቀለበቱ 5 ሳንቲሜትር ከፍ ቢል ትንሽ ማዞሩ አይቀርም። ቦል ሶኬቱ ውስጥ ያለው ሰበቃ ይህን ይይዘዋል?

---

መምህር_ደ፦

በሕሊና ቁጥሮች ብትሠራው፣ የT1 የጎን 200 እና የT2 የጎን 300 ልዩነታቸው 100 ነው፣ በ0.05 ሜትር ሲባዛ ወደ 5 ኒውተን ሜትር ይመጣል። ትንሽ ነው። ሰበቃው ይይዘዋል ወይ የሚለው በኳሱ ስፋትና በገጹ ልስላሴ ይወሰናል፣ የA ሪአክሽንም ወደ 700 ስለሆነ የሚጫነው አለ። ያንን መገጣጠሚያ ሳይለኩ ይይዛል ብዬ አልፈርምም። ሰበቃ ላይ የተመሠረተ ቱቦ ሥር ሰው እንዲቆምም አልፈቅድም።

---

ናቲ_ሲቪል፦

በቀለበቱ ከፍታ T1 እና T2 ራሳቸውም ትንሽ ይቀየራሉ አይደል? Cና E አልተነሱም፣ የገመዶቹ መነሻ ግን 5 ሳንቲሜትር ከፍ ብሏል። ማታ ልሞክረውና ቁጥሩን እለጥፋለሁ።